ስም፣ ኮከብና ፈቃድ፦ በአውደ ነገሥት ባህል የልደት ኮከብ እንዴት ይነበባል?



የዛሬው ርእሴ ብዙዎቻችን ከቤታችን የምናውቀው፣ በመማሪያ ክፍል ግን ከስንት አንዴ የምናነሣው ጉዳይ ነው። በአገራችን ትዳር ሳይሰምር ሲቀር «ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል። መከራ ለተደራረበበት ሰው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት እናትና አባት ግን ልጃቸው ትምህርቱን ችላ ሲል «ዕድሉ ነው» ብለው አይተዉትም፤ ይቈጡታል፣ ይመክሩታል፣ ሽማግሌም ይልኩበታል። በአንድ አንደበት ዕጣም ፈቃድም ይነገራሉ። ይህን እንደ ተርታ ቅራኔ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከጀርባው ረጅም ታሪክ ያለው አስተሳሰብ እንዳለ አምናለሁ፤ ዛሬ የማሳያችሁም ያንን ነው።

ለዚህ የመረጥሁት ምንጭ አውደ ነገሥት ነው። ትርጓሜው «የነገሥታት ዙርያ» ማለት ነው። ደብተራዎች በእጅ እየገለበጡ ያቈዩት፣ በኋላም በማተሚያ ቤት ታትሞ በገበያ የተሸጠ የኮከብ ቈጠራ መጽሐፍ ነው። ከባሕረ ሐሳብ ጋር ግን አይምታታብን። ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣ የዘመን ስሌት ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አካል ነው። አውደ ነገሥት ስለ ግለሰብ ጠባይ፣ ሕመም፣ ጋብቻና ዕድሜ የሚናገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትምህርቴ ነው ብላ አታውቀውም። ሁለቱም በቍጥር ይሠራሉ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ይገኛሉ፤ መደባለቁም የመጣው ከዚህ ነው።

ሰዓት የሌለው የልደት ኮከብ

በግሪክ፣ በዐረብ፣ በህንድም ሆነ በአውሮፓ ኮከብ ቈጠራ የልደት ሰሌዳ የሚባለው አንድ ሕፃን በተወለደበት ደቂቃ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በሰማይ የነበሩበትን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል ነው። የሥዕሉ መነሻ በዚያች ቅጽበት በምሥራቅ አድማስ ላይ ብቅ ያለው የሰማይ ክፍል ነው። ሰማይ በ24 ሰዓት አንድ ዙር ስለሚዞር ከ12ቱ ክፍሎች እያንዳንዱ በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ይነግሣል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ትክክለኛ የልደት ሰዓትና የፕላኔቶችን ጉዞ የሚያሳይ ሠንጠረዥ።

አውደ ነገሥት ሁለቱንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የባለጕዳዩን ስምና የእናቱን ስም ነው። ፊደላቱ ወደ ቍጥር ይለወጣሉ፤ ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል። «መግደፍ» የሚሉት 12ን ደጋግሞ እየቀነሱ ከ12 የማይበልጠውን ቀሪ መያዝ ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ኮከቡ ሐመል ነው፤ 2 ሠውር፣ 3 ገውዝ፣ 4 ሸርጣን፣ 5 አሰድ፣ 6 ሰንቡላ፣ 7 ሚዛን፣ 8 አቅራብ፣ 9 ቀውስ፣ 10 ጀዲ፣ 11 ደለዊ፣ ሳይተርፍ ካለቀ ደግሞ እንደ 12 ተቈጥሮ ሑት ይሆናል። እነዚህ በተራ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስና ውኃ እየተባሉ በአራቱ ባሕርያት ይመደባሉ። ሐመል እሳት፣ ሠውር መሬት፣ ገውዝ ነፋስ፣ ሸርጣን ውኃ ነው፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ተራው እንደገና ይመለሳል።

እንግዲህ በዚህ ባህል «ኮከቤ ሐመል ነው» የሚል ሰው ስለ ሰማይ አቀማመጥ ምንም አልተናገረም። የተናገረው ስለ ስሙ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንሥራው። የአንድም ሰው ምስጢር እንዳይወጣ ሁላችሁም የምታውቋቸውን መንትዮች፣ የርብቃን ልጆች ያዕቆብንና ዔሳውን ልውሰድ። ለፊደላት ቍጥር የመስጫው አንደኛው መንገድ የሀለሐመን ተራ ይከተላል። ከሀ እስከ በ ያሉት ዘጠኝ ፊደላት ከ1 እስከ 9፣ ከተ እስከ የ ያሉት ዘጠኝ ከ10 እስከ 90፣ ከደ እስከ ፐ ያሉት ስምንት ደግሞ ከ100 እስከ 800 ይይዛሉ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚባለው የድምፅ ለውጥ በዚህ ስሌት አይቈጠርም፤ ዋናው ፊደል ብቻ ይቈጠራል።

ርብቃ፦ ረ 6፣ በ 9፣ ቀ 8፤ ድምሩ 23 ነው። ያዕቆብ፦ የ 90፣ ዐ 70፣ ቀ 8፣ በ 9፤ ድምሩ 177 ነው። ከእናቱ ጋር 200 ይሆናል። 200 በ12 ሲገደፍ 8 ይተርፋል፤ ኮከቡ አቅራብ ነው። ዔሳው፦ ዐ 70፣ ሰ 7፣ ወ 60፤ ድምሩ 137፣ ከእናቱ ጋር 160 ነው። በ12 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፤ ኮከቡ ሸርጣን ነው። አንድ ማሕፀን ያፈራቸው፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ሁለት ኮከብ አገኙ፤ ባሕርያቸው ግን አንድ፣ ውኃ፣ ሆነ።

ይህ ውጤት በኮከብ ቈጠራ ታሪክ ውስጥ የቈየ ክርክርን ይነካል። ከ354 እስከ 430 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የኖረው አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው ኮከብ ቈጣሪዎችን በመንትዮች ይሞግታል። ያዕቆብና ዔሳው ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ ይዞ ተወለዱ፤ ሰማያቸው አንድ ከሆነ ሕይወታቸው ለምን እንዲያ ተለያየ? የልደት ሰዓትን የሚከተል ባለሙያ በዚህ ጥያቄ ይጨነቃል። የስም ቈጣሪው ግን ጥያቄው ጨርሶ አይደርስበትም፤ መንትዮች ሁለት ስም አላቸውና። በምትኩ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ስማቸውም የእናታቸውም ስም አንድ የሆነ፣ በሃምሳ ዓመት ተራርቀው የተወለዱ ሁለት ሰዎች አንድ ኮከብ ይኖራቸዋል።

አንድ ፊደል ምን ያህል ያዛውራል?

አሁን ያንኑ ምሳሌ በሁለተኛው መንገድ፣ በአበገደ ተራ እንቍጠረው። በዚህ መንገድ አ 1፣ በ 2፣ ወ 6፣ የ 10፣ ዐ 70፣ ቀ 100፣ ረ 200፣ ሰ 300 ነው። ርብቃ 302 ትሆናለች። ያዕቆብ 182፣ ከእናቱ ጋር 484 ይሆናል፤ በ12 ሲገደፍ 4 ይተርፋል። ዔሳው 376፣ ከእናቱ ጋር 678 ይሆናል፤ በ12 ሲገደፍ 6 ይተርፋል። ያዕቆብ ከአቅራብ ወደ ሸርጣን፣ ዔሳው ከሸርጣን ወደ ሰንቡላ ተዛወሩ ማለት ነው። ዔሳው ባሕርይም ለወጠ፤ ሰንቡላ መሬት ነውና።

ወደ መጀመሪያው መንገድ እንመለስና የዔሳውን ስም በዐይኑ ዐ ፈንታ በአልፋው አ «ኤሳው» ብለን እንጻፍ። በአማርኛ ንባብ ልዩነቱ አይሰማም። በቍጥር ግን 70 የነበረው 40 ይሆናል፤ ድምሩ ከእናቱ ጋር 130 ነው፤ በ12 ሲገደፍ 10 ይተርፋል፤ ኮከቡ ጀዲ ይሆናል። ሞክሼ ፊደላትን ዛሬ እንደምንጽፈው እያቀያየርን ብንቈጥር ኮከባችን በጸሐፊው ልማድ ላይ ሊወድቅ ነው። እዚህ ሮቤ ደግሞ ጕዳዩ ይብስ ይወሳሰባል። የብዙ ተማሪዎቻችን ስም ከልጅነት ጀምሮ በቁቤ የተጻፈ ነው፤ ስሙን ወደ ፊደል የሚመልሰው ሰው ሀን ይምረጥ ወይስ ሐን፣ ሰን ወይስ ሠን የሚለው ከስሙ ከራሱ አይገኝም። በግዕዙ ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ ጨና ዸ ያሉት ፊደላት ቦታም የላቸውም።

ባለሙያዎቹ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። የሚቈጠረው የቤት ስም ነው ወይስ የክርስትና ስም የሚለው ጥያቄ በመካከላቸው የታወቀ ነው። የክርስትናው ስም ነው የሚሉት ወገኖች ምክንያት አላቸው፤ እርሱ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራበት ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ስሙ ይሰጣል። «የአርባ ቀን ዕድል» የሚለውን አነጋገር ብዙ ሰዎች ከዚህ ቀን ጋር የሚያያይዙት ለዚህ ነው። ሰው ዕድሉን የሚቀበለው ከማሕፀን ሲወጣ ሳይሆን ስም ሲወጣለት ነው እንደ ማለት ነው። የክርስትና ስምን ከባዕድ ሰው የመሸሸግ ልማድም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ስሙን ያወቀ ኮከቡን ያውቃል፣ ኮከቡን ያወቀ ሊጐዳው ይችላል ተብሎ ይፈራልና።

ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ነጥቤን ላስቀምጥ። የልደት ሰዓት የሰው እጅ የለበትም። ስም ግን የሰው ሥራ ነው፤ ወላጅ ያወጣዋል፣ ካህን ይሰጠዋል፣ ባለቤቱም ሊለውጠው ይችላል። በ1855 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም መረጠ፤ በዚያ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ሕዝቡ ከቀደመ ትንቢት ይጠብቅ ነበርና። ያ ትንቢት እንጂ ኮከብ ቈጠራ አልነበረም። የሚያሳየን ግን አንድን አስተሳሰብ ነው፤ ዕጣ በስም ውስጥ ካለ፣ ስሙን የመረጠ ሰው ወደ ዕጣው በፈቃዱ ሄዷል። የእናት ስም ግን አይመረጥም። በአውደ ነገሥት ስሌት ውስጥ አንዱ ተደማሪ የተሰጠን፣ ሌላው የወጣልን ነው።

ቃላቱ ከየት መጡ?

ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ ሑት፤ ዐረብኛ የሚያውቁ አድማጮቼ እነዚህን ያለ አስተርጓሚ ያውቋቸዋል። በግ፣ በሬ፣ አንበሳ፣ ሚዛን፣ ዓሣ ማለት ናቸው። ፕላኔቶቹም እንደዚያው ዙሐል፣ ሙሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዙሐራ፣ አጣርድ እየተባሉ ይጠራሉ። የትውፊቱ መንገድ በስሞቹ ላይ ታትሟል። ክርስቲያኑ ደብተራ በግዕዝ ፊደል የጻፈው እውቀት በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፤ ከዚያም በፊት ከግሪክና ከባቢሎን።

የስሌቱ ዘዴም ብቸኛ አይደለም። በ886 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የሞተው የባግዳዱ ሊቅ አቡ መዕሸር ታላቅ የኮከብ ሊቅ ነበር። በእርሱ ስም በዐረቡ ዓለም ሲሸጥ የኖረ አንድ ተራ መጽሐፍ አለ፤ እርሱም የሰውየውንና የእናቱን ስም በአብጀድ ቍጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል። የእናት ስም መቈጠሩም ጥንታዊ ነው። ከእስልምና በፊት በመስጴጦምያ በአራማይክ በተጻፉ የጥበቃ ሳሕኖች ላይ ሰው የሚጠራው በእናቱ ነበር፤ አባትን መጠራጠር ይቻላል፣ እናትን ግን አይቻልም። ስለዚህ የባሌ ሙስሊም ሼኽ ከአብጀድ ጋር፣ የጎንደር ደብተራ ከአበገደ ጋር ሲቀመጡ፣ ሃይማኖት የለያቸው ሁለት ሰዎች አንድ አሮጌ መሣሪያ ይዘዋል።

ኮከብ ፍርድ ነው ወይስ ምርመራ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንድረስ። ኮከቡ ከታወቀ በኋላ መጽሐፉ ምን ይላል? ለእያንዳንዱ ኮከብ ጠባዩን፣ የሚያምመውን የሰውነት ክፍል፣ የሚስማማውን ቀንና ቀለም፣ የሚገጥመውን የትዳር ጓደኛ፣ የሚያስፈራውን የዕድሜ ዘመን ይዘረዝራል። ስለ ዕድሜ ሲናገር የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በዚህ ዓመት ትሞታለህ ብሎ አይዘጋም። በዚህ ዕድሜ ያስፈራሃል፤ ያንን ካለፍህ እስከዚህ ትኖራለህ ይላል። «ካለፍህ» የምትለው ቃል የሰው ፈቃድ የሚገባባት በር ናት።

በበሩ እንዲገባ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ መንገድ ያሳያል። ከትንቢቱ አጠገብ መድኃኒቱ ይጻፋል፤ ይህን ቀለም ያለው በግ ወይም ዶሮ ይታረድ፣ ይህ ክታብ ይያዝ ይላል። ዣክ መርሲዬ የኢትዮጵያን የክታብ ጥቅልሎች ባጠናበት ሥራው እንዳሳየው፣ ጥቅልሉ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ደብተራውም የሕመምተኛውን ኮከብ አውጥቶ ምን እንደሚጽፍና ምን እንደሚሥል ይወስናል። እንግዲህ ኮከቡ የሚፈለገው ምን እንደተቈረጠ ለመስማት ሳይሆን ምን እንደሚደረግ ለማወቅ ነው። አማኙ ወደ ደብተራው የሚሄደው ወደ ዳኛ እንደሚሄድ ሆኖ አይደለም፤ ወደ ሐኪም እንደሚሄድ ሆኖ ነው።

ይህ ንጽጽር የእኔ ፈጠራ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ የኮከብ ቈጠራን ጥቅም ሲያስረዳ ሕክምናን ይጠቅሳል። ሁሉም ነገር በማይሻር አምላካዊ ትእዛዝ አልተወሰነም ይላል፤ ብርድ እንደሚመጣ ያወቀ ልብስ እንደሚደርብ፣ ሕመም እንደሚመጣ ያወቀም አስቀድሞ ይከላከላል። አቡ መዕሸርም በበኩሉ ከዋክብት የግድ የሚሆነውንና የማይሆነውን ብቻ ሳይሆን ሊሆንም ላይሆንም የሚችለውን ያመለክታሉ፤ የሰው ምርጫም በዚህ በሦስተኛው ውስጥ ነው ብሎ ተከራክሯል። የእኛ ደብተራ እነዚህን ክርክሮች በፍልስፍና ቋንቋ አልጻፋቸውም። በአሠራር ግን ከትንቢቱ ጎን መድኃኒቱን ሲያኖር ያንኑ ብሏል።

ከከዋክብት በላይ

ሁለተኛው የማስታረቂያ መንገድ ከላይ የሚመጣ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ በሙሉነቱ የተጠበቀልን በግዕዝ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቈጠራል። በምዕራፍ 12 የሚተርከው ለርእሳችን ከምንም በላይ ይቀርባል። አብራም በሰባተኛው ወር መባቻ ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ከዋክብትን ይመለከታል፤ ዓመቱ በዝናብ ምን እንደሚመስል ሊያውቅ ፈልጎ ነው። በዚያ ሳለ በልቡ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። የከዋክብት፣ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ እኔ ለምን እመረምራለሁ? ቢወድ ማለዳና ማታ ያዘንባል፤ ባይወድ ይከለክላል። ከዚያ ሌሊት ምርመራው ወደ ጸሎት ይለወጣል።

ታሪኩ ከዋክብት ምልክት አይሰጡም እንዳላለ ልብ በሉ። ምልክቱ በሌላ እጅ ነው ነው ያለው። የአገራችን ኮከብ አማኝ የተጠለለው በዚህ ክፍተት ነው። «ኮከቡ ይህን ይላል፤ እግዚአብሔር ግን ያውቃል» ሲል ከዋክብቱን አገልጋይ፣ ፈጣሪን ጌታ አድርጎ ሁለቱንም ያኖራል። በሙስሊሙም ወገን ተመሳሳይ አቀማመጥ አለ። ቀድር የአላህ ውሳኔ ነው፤ ዱዓ ግን ውሳኔን እንደሚመልስ በሐዲስ የታወቀ ትምህርት ነው።

የሃይማኖት ሊቃውንት ግን በዚህ መጠለያ አልተደሰቱም። በሔኖክ መጽሐፍ የከዋክብትን ምልክት ለሰው ያስተማሩት የወደቁት መላእክት ናቸው። ከ1434 እስከ 1468 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ብርሃኑ ጠንቋዮችንና ምልክት ፈላጊዎችን ጠንክሮ ተቃወመ። በእስልምናም ወደ ጠንቋይ መሄድ በሐዲስ የተከለከለ ነው። የሁለቱም ሥጋት ሰው ፈቃዱን አጣ የሚል ብቻ አልነበረም። ሰው በመድኃኒቱና በክታቡ ራሱን ጌታ አደረገ የሚልም ነበር። ከዘመናችን አንባቢ ጋር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ኮከብ ቈጠራ ፈቃድን ያጠፋል ብለን እንፈራለን፣ እነርሱ ፈቃድን ከልክ በላይ ያበዛል ብለውም ፈሩ።

የጎረቤት ስሌት

ከባሌ ደጋ ወደ ደቡብ ስንወርድ ከዚህ የተለየ ሥርዓት እናገኛለን። አስመሮም ለገሠ በ1973 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ባሳተመው ገዳን የሚመለከት ጥናቱ የቦረናን የዘመን አቈጣጠር ዘርዝሯል። ወሩ የጨረቃ ነው፤ ቀናቱ ግን አያና በሚባሉ 27 ስሞች ይጠራሉ። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስላለው ስሞቹ ወሩ ሳያልቅ ያልቁና እንደገና ይጀምራሉ። ይህን በልቡ ይዞ የሚቈጥረው አያንቱ፣ ጨረቃ ከታወቁ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት እያየ ስሌቱን ያርማል።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። አያንቱ ሰማይን ያያል፤ ደብተራው ስምን ያያል። በአያና የልደት ቀን ራሱ ትርጉም አለው፤ በአውደ ነገሥት የለውም። አያና የሚለው ቃልም በቀን ስም አይወሰንም፤ ላምበርት ባርቴልስ በ1983 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ባወጣው የምዕራብ ኦሮሞ ጥናት እንደሚታየው፣ ዋቃ ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠውን የባሕርይ ድርሻም ይጠራል። እንዲህ ሲታሰብ አያና ሰው እንደ ተሰጠው ሆኖ በአግባቡ የሚኖርበት እንጂ ከውጭ የሚያስገድደው ኃይል አይደለም። ደብተራው ዕጣን በመድኃኒት ሊያልፈው ይሻል፤ የአያና አስተሳሰብ ከተሰጠው ጋር መስማማትን ይሻል። ፈቃድ በአንዱ ማምለጥ፣ በሌላው መግጠም ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

እስካሁን አማኙን ከውስጥ ለመረዳት ሞክሬአለሁ። አሁን የታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው የማይገባውን ላንሣ።

አንደኛ፣ «ካለፍህ» የምትለው ቃል ለፈቃድ በር እንደምትከፍት ሁሉ ለስሕተትም መሸሸጊያ ናት። በተፈራው ዓመት ሰውየው ከሞተ ኮከቡ እውነት ተናገረ ይባላል። ካልሞተ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። ክታብ ሳይዝ፣ በግ ሳያርድ ከተረፈም ፈጣሪ ማረው ይባላል። ሦስቱም ውጤቶች አስቀድመው ማብራሪያ ተዘጋጅቶላቸዋል። ከላይ እንዳየነው ያዕቆብ በአንዱ መንገድ አቅራብ፣ በሌላው ሸርጣን ሲሆን፣ በሕይወቱ ከተከሰተው ነገር ተነሥቶ የትኛው መንገድ ስሕተት እንደ ነበር የሚያውቅ አልተገኘም። ትንቢት መሳቱ የሚታወቅበት መንገድ ከሌለው መግጠሙም አይታወቅም። ዕጣንና ፈቃድን ያስታረቀው ዘዴ ትንቢቱን ከፈተና ያወጣው ያው ዘዴ ነው።

ሁለተኛ፣ ማስታረቂያው የሚሠራው ባለኮከቡ ስለ ራሱ ሲያስቈጥር ነው። ስለ ሌላ ሰው ሲቈጠር በሩ ይዘጋል። ጋብቻን እንመልከት። የልጁ ቤተሰብ የልጅቱንና የእናቷን ስም ተቀብሎ ያስቈጥራል፤ የእርሱ እሳት፣ የእርሷ ውኃ ሆኖ ይወጣል፤ ሽማግሌው «አልሆነም» ተብሎ ይመለሳል። ለራሱ ሲሆን በግ አርዶ፣ ክታብ ይዞ ዕጣውን የሚሞግተው ሰው፣ ለእርሷ ሲሆን ቍጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ ወሰደው። እርሷ ያልተጠየቀችበት፣ ልትከራከረው የማትችለው፣ ምናልባትም በዐና በአ ልዩነት የመጣ ቀሪ የሕይወቷን መንገድ ወሰነ። «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚለው አነጋገር እንቢ ያለውን ሰው ከተጠያቂነት ያወጣዋል፤ እንቢ ያለው ኮከቡ ነውና። በዚህ ጊዜ የጠፋው የባለኮከቧ ፈቃድ አይደለም፤ የወሰነው ሰው ፈቃድ ነው የተሸሸገው።

ስለዚህ «ኮከብ የሚያምን ሰው በነፃ ፈቃድ ያምናልን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሴ እንዲህ ነው። በአገራችን የስም ኮከብ ትውፊት ውስጥ ያምናል፤ በስሙ መመረጥ፣ በትንቢቱ አነጋገር፣ በመድኃኒቱና ከከዋክብት በላይ ባለው ጌታ ለፈቃዱ ቦታ አዘጋጅቷል። ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ያ ቦታ ለማን ተዘጋጀ፣ ለማንስ ተከለከለ የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም፤ ስም በሚያስቈጥሩና በሚቈጠርባቸው ሰዎች መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ ነው የሚገኘው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች በየቀበሌያችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን ስለ ተመለሱ ሽምግልናዎች ብትጠይቁ ሰፊ መስክ ታገኛላችሁ፤ ስትጽፉ ግን የባለታሪኮቹን ስም ሰውሩ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።